ረጅም የኢሜይል ምልልስን በአንድ ገጽ ማጠቃለል፦ መነሻ፣ ያልተመለሱ ጥያቄዎች፣ ቀጣይ ሥራዎች

ብዙ ሰው ረጅም ምልልስ አጠቃልል ሲባል ታሪክ ይጽፋል። «የካቲት 3 ቴክኒክ ክፍሉ ጠየቀ፤ የካቲት 7 አቅራቢው ዋጋ ላከ፤ የካቲት 12 ቴክኒክ ክፍሉ በድጋሚ ጻፈ» እያለ ይቀጥላል። አንብቦ የጨረሰው ኃላፊ ግን መጠየቁ አይቀርም፦ «እሺ፣ ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?»

ማጠቃለያ የሚጻፈው ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ነው። ሦስት ነገር ይይዛል፦ አንባቢው ሊያውቀው የሚገባውን መነሻ፣ እስካሁን መልስ ያላገኘውን ጥያቄ፣ ከዚህ በኋላ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ። ከሦስቱ ከባዱ መካከለኛው ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ በኢሜይል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙ ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ለማሳያ አንድ የዳቦ ፋብሪካ እንፍጠር። ፋብሪካው ከቻይና የናፍጣ ጄኔሬተር ሊገዛ ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመው በኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለአቅራቢው በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና ነው። ምልልሱ ከየካቲት 3 እስከ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የዘለቀ ሲሆን 31 ኢሜይል አለው። የሚጻጻፉት ቴክኒክ ክፍሉ፣ ግዥ፣ ፋይናንስ፣ ሥራ አስኪያጁና አቅራቢው ናቸው። በ30ኛው ኢሜይል ሥራ አስኪያጁ ለግዥ ክፍሉ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይሄ የጄኔሬተር ነገር የት ደረሰ? እስከ ሐሙስ ባጭሩ ጻፉልኝ።» ሐሙስ መጋቢት 18 ነው። እንግዲህ ሥራው የእኛ ነው እንበል።

አንድ፦ ማን ምን ሊወስንበት ነው?

ማንበብ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእኛ ይህ ነው፦ «ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብበው ኤልሲው እንዳይከፈት የያዘው ምን እንደሆነና ማንን መግፋት እንዳለባቸው ያውቃሉ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ምን እንደሚጣል ትነግርዎታለች። ማጠቃለያው ለአዲስ የፋይናንስ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ የባንኩ ጉዳይ በዝርዝር ይገባ ነበር። ለቴክኒክ ክፍሉ ቢሆን የማሽኑ ዝርዝር ይቀድም ነበር። ከአንድ ምልልስ ለሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ማጠቃለያ ይወጣል። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተጻፈ ማጠቃለያ ብዙውን ጊዜ ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

ሁለት፦ ምልልሱን ሙሉ በሙሉ ይሰብስቡ

ፊትዎ ያለው ምልልስ ሙሉ ነው ብለው አይመኑ። ጂሜይል አንድ ሰው ርዕሱን ከቀየረ ምልልሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከ100 ኢሜይል ሲያልፍም እንዲሁ ይከፍላል። አንዱ ከሲሲ ወጥቶ ለብቻው የተጻጻፈም ይኖራል። ስለዚህ በርዕስ ሳይሆን በሰው አድራሻና በቀን ይፈልጉ። ጂሜይል ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
{from:sales@example.com to:sales@example.com} after:2025/02/09
```

በአቅራቢው አድራሻ ቦታ የሌላውን ተጻጻፊ እያስገቡ ለእያንዳንዱ ይድገሙት። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 ላይ ይውላል።

በእኛ ምሳሌ ይህ ፍለጋ ሁለት ኢሜይል አወጣ። ግዥ ክፍሉ «የጭነት ሰነድ» በሚል ሌላ ርዕስ ዕቃውን ከጉምሩክ ለሚያወጣው ትራንዚተር ጽፎ ነበር። ትራንዚተሩም መልሶ ጠይቋል። ዋናውን ምልልስ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አያገኘውም። እነዚህን ሁለት ኢሜይሎች «ለ1» እና «ለ2» ብለን እንጥራቸው።

ሌላው የሚያመልጠው በሦስት ነጥብ ተሸፍኖ የሚቀረው ጽሑፍ ነው። ጂሜይል የተደገመ የመሰለውን ሁሉ ይደብቃል። አንዳንድ ሰው ግን መልሱን የሚጽፈው እዚያው የተደበቀው ጽሑፍ መሐል፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ነው። «መልሴን ከታች በቀይ ጽፌያለሁ» የሚል ኢሜይል ካዩ ሦስቷን ነጥብ ይክፈቱ። ሙሉውን ምልልስ በ Print all ሲያትሙም ይህ ክፍል ተደብቆ ሊታተም ስለሚችል ወረቀቱን ብቻ አይመኑ።

አባሪዎቹንም ያውርዱ። ቁርጡ ነገር ብዙ ጊዜ ያለው በኢሜይሉ ሳይሆን አቅራቢው በሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ፣ በፕሮፎርማው ውስጥ ነው።

ሦስት፦ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ያንብቡ፣ ሦስት ምልክት ያድርጉ

ከመጀመሪያው ኢሜይል ይጀምሩ። የመጨረሻውን አስቀድሞ ማንበብ ያጓጓል፤ ግን የመጨረሻው ጸሐፊ አመለካከት ሳይታወቅ የእርስዎ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ኢሜይል ቁጥር ይስጡ። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ይልቀሙ፦ ውሳኔ፣ ጥያቄ እና ቃል የተገባ ሥራ። ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ «እንደምንም እንፍጠን» የሚለው ይለፍ።

ውሳኔን ከሐሳብ መለየት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ ምልልስ 17ኛው ላይ ቴክኒክ ክፍሉ አዲስ ምድጃ ስለሚገባ መጀመሪያ የተጠየቀው ባለ 150 ኬቪኤ ጄኔሬተር አይበቃም፣ ባለ 200 ይሻላል አለ። በ18ኛው ሥራ አስኪያጁ መለሱ፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዋጋውን እንይ።» ይህ ውሳኔ አይደለም። ውሳኔው የመጣው በ23ኛው ነው፦ «ባለ 200ውን እንግዛ። ኤልሲውን ጀምሩ።» 18ኛውን እንደ ውሳኔ የመዘገበ ሰው የተወሰነበትን ቀን በስምንት ቀን ያሳስታል፤ ዋጋው ሳይታወቅ የተወሰነም ያስመስላል።

«ደርሶኛል»፣ «እሺ»፣ «ተቀብለናል» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ኢሜይሉ መድረሱን ይናገራሉ፤ ሥራው መሠራቱን ግን አይናገሩም። በ24ኛው ኢሜይል ፋይናንስ እንዲህ ብሏል፦ «ባንኩ ፕሮፎርማውን አልተቀበለም። የድርጅታችን ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር አይመሳሰልም፣ ተስተካክሎ ይላክ።» በ25ኛው አቅራቢው «ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን» አለ። ከዚያ በኋላ የተስተካከለ ፕሮፎርማ የለም። በችኮላ ያነበበ ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ኤልሲውን የያዘው ግን ይኸው ነው።

አራት፦ የጥያቄ መዝገብ

አንድ ባዶ ወረቀት ይውሰዱና አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ጥያቄው፣ ማን በስንተኛው ኢሜይል ጠየቀ፣ ማን በስንተኛው መለሰ፣ መልሱ ዛሬም ይሠራል ወይ? የመጨረሻውን ዓምድ ብዙ ሰው አያስበውም።

ጥያቄ ምልክት ያለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ጥያቄ አይደለም። «ስለ መለዋወጫው ብታሳውቁን» ጥያቄ ነው። «ኢንሹራንሱን እዚህ የምንገዛ ይመስለኛል» የሚለውም ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ማረጋገጫ እየፈለገ ነው። ሁሉንም ይመዝግቡ። በኋላ መሰረዝ ቀላል ነው።

አሁን የ9ኛውን ኢሜይል ጠጋ ብለን እንየው። ቴክኒክ ክፍሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ጠየቀ፦ «ዋጋው የድምፅ መከላከያ ሽፋኑንና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን በራሱ የሚያስነሳውን ፓነል፣ ማለትም ኤቲኤሱን፣ ይጨምራል ወይ?» በ10ኛው አቅራቢው መለሰ፦ «አዎ፣ ሽፋኑ ተካትቷል። ፎቶውን አያይዘናል።» ፎቶው ጥሩ ነበር። በ11ኛው ግዥ አመሰገነ። ስለ ኤቲኤሱ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳም።

ያልተመለሰ ጥያቄ በአብዛኛው የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሰው ሁለት ጥያቄ ሲጠየቅ ቀላሉን ይመልሳል፤ ጠያቂውም «አዎ» የሚለውን ቃል አይቶ ይረካል። ስለዚህ ሁለት ነገር የያዘ ጥያቄ ሲያገኙ በመዝገቡ ላይ ለሁለት ይክፈሉት። ኤቲኤሱ ለብቻው፣ ሽፋኑ ለብቻው። የኤቲኤሱ የመልስ ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲቀር ያዩታል።

ሁለተኛው መደበቂያ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በ12ኛው ፋይናንስ «ተመርቶ ለመጫን ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ። በ13ኛው አቅራቢው «25 ቀን» ብሎ መለሰ። ተመልሷል፣ አይደል? አልተመለሰም። ያኔ የሚወራው ስለ ባለ 150ው ነበር። በ23ኛው ዕቃው ወደ ባለ 200 ሲቀየር ይህ መልስ ዋጋ አጣ። ስለ ባለ 200ው የጠየቀ የለም፤ ፕሮፎርማው ላይም አልተጻፈም። የመጨረሻው ዓምድ ለዚህ ነው የተሰመረው። በምልልሱ መሐል ዕቃው፣ መጠኑ ወይም ቦታው ከተቀየረ፣ ከለውጡ በፊት የተመለሰውን ሁሉ እንደገና ይፈትሹ። ሽፋኑን በዚህ መንገድ ስንፈትሽ በባለ 200ው ፕሮፎርማ ላይ ተዘርዝሮ እናገኘዋለን። እሱ ተዘጋ። ኤቲኤስ የሚል መስመር ግን የለም።

ሦስተኛው መደበቂያ ምልልሱ የተቆረጠበት ቦታ ነው። ትራንዚተሩ በለ2 እንዲህ ጠይቆ ነበር፦ «የመጫኛ ሰነዱ ላይ የመጨረሻ መድረሻው ጅቡቲ ይጻፍ ወይስ ሞጆ?» ጥያቄው ግዥ ክፍሉ ዘንድ አለ። ውሳኔው ግን የፋይናንስና የሥራ አስኪያጁ ነው፤ እነሱ ደግሞ ኢሜይሉን አላዩትም።

እንደዚሁ ጊዜ ያለፈበት ጥያቄም አለ። በ16ኛው «ባለ 150ው በመጋዘን አለ ወይ?» የሚል ነበር። ማንም አልመለሰም፣ አሁን መመለስም የለበትም። ይሰረዝ። ያልተመለሰ ጥያቄ ሁሉ ማጠቃለያ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው መልሱ ቀጣዩን ሥራ የሚለውጥ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። እያነበቡ ማንም ያላነሳው ጥያቄ ሊታይዎት ይችላል። ለምሳሌ ባለ 200 ኬቪኤ የተባለው በፕራይም፣ ማለትም ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ነው፣ ወይስ በስታንድባይ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ መጠባበቂያ ሲሆን በሚሰጠው አቅም? የስታንድባይ ቁጥር ከፕራይሙ ወደ አስር በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ በስታንድባይ 200 የሆነ ማሽን መብራት በሌለበት ረጅም ሰዓት ሲሠራ የሚሰጠው ወደ 180 ገደማ ነው። ለዳቦ ፋብሪካ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይጻፉት፤ ግን ለብቻው፣ የእርስዎ መሆኑ ታውቆ። በምልልሱ እንደተነሳ አድርገው ከሌሎቹ ጋር ካደባለቁት «ይህን ማን ጠየቀ?» ይባላል፤ የሌላውም ተዓማኒነት አብሮ ይወርዳል።

አምስት፦ ቀንና ሰዓት

እኛ አገር ምልልስ የሚያጠቃልል ሰው ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር አብሮ መያዝ አለበት።

በ28ኛው ኢሜይል ግዥ ክፍሉ ለአቅራቢው «ከ27/07 በፊት ሁሉም ያልቃል» ብሎ ጻፈ። መጋቢት 27 ማለቱ ነው፤ መጋቢት በእኛ ሰባተኛው ወር ነው። ቻይና ያለው ሰው ግን ጁላይ 27 ብሎ ያነበዋል። በ31ኛው አቅራቢው «ከ05/04 በፊት አረጋግጡልን» አለ። ኤፕሪል 5 ማለቱ ነው። የአሜሪካን አጻጻፍ የለመደ ሰው ሜይ 4 ይለዋል።

የሚያሳዝነው ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ቀን መሆኑ ነው። ፕሮፎርማው በየካቲት 27፣ ማለትም ማርች 6 ወጣ፤ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ መጋቢት 27፣ ማለትም ኤፕሪል 5 ያበቃል። ተስማምተው ሳለ አንዱ የሌላውን ሊስት ይችላል።

እንዲህ ያድርጉ፦ በማጠቃለያው ውስጥ ያለ ቀን ሁሉ የወር ስሙ በፊደል ይጻፍ፣ ከውጭው ዓለም ጋር የሚያያዝ ከሆነም ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ። የዕለቱን ስም ይጨምሩበት፤ ስህተት ካለ ዕለቱ ያጋልጠዋል። «በሚቀጥለው ሳምንት»፣ «ነገ»፣ «ከበዓሉ በኋላ» የሚሉትን ኢሜይሉ ከተጻፈበት ቀን አስልተው ወደ ቀን ይለውጡ። ሰዓትም እንደዚያው። «3 ሰዓት» ለእኛ ጠዋት ነው፤ ለአቅራቢው ከሰዓት በኋላ ሊመስለው ይችላል። አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ሻንጋይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 14:00። የአምስት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ከሰዓት በኋላ የላኩት ጥያቄ መልሱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። የመጨረሻ ቀን ሲያስቀምጡ ይህችንም ይቁጠሩ።

ስድስት፦ ከኋላ ወደ ፊት ይጻፉ

አንባቢው የሚያነበው መነሻውን ቀድሞ ነው። እርስዎ ግን መጨረሻ ይጻፉት። መጀመሪያ ቀጣይ ሥራዎቹን፣ ከዚያ ጥያቄዎቹን፣ በመጨረሻ መነሻውን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መነሻ ውስጥ የሚገባው ከታች ያለውን ለመረዳት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ቀድመው ከጻፉት ሁሉም ነገር የሚያስፈልግ ይመስልዎታል።

ቀጣይ ሥራ ሲጻፍ ባለቤቱ አንድ ይሁን። «ግዥና ፋይናንስ ይከታተላሉ» የተባለ ሥራ ማንም አይከታተለውም። ሥራው በግስ ይጻፍ፦ «ይላክ»፣ «ይጠይቅ»፣ «ለባንክ ያስገባ»። «ስለ ፕሮፎርማው ክትትል» አይበቃም። ቀኑ በምልልሱ ውስጥ ቃል የተገባ ነው ወይስ እርስዎ ያቀረቡት? ይለይ። ሰው ያላለውን ቀን እንዳለ አድርጎ መጻፍ ቅሬታ ያስነሳል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው።

መነሻው ውስጥ ያሉ ቁጥሮች የሚነጻጸሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በምልልሱ ውስጥ ሦስት ዋጋ አለ። በ5ኛው ባለ 150ው 18,600 ዶላር፣ ኤፍኦቢ ሻንጋይ፣ ማለትም የባህር ጭነቱን ሳይጨምር። በ15ኛው ያው ማሽን የባህር ጭነት ተጨምሮበት 20,900፣ ሲኤፍአር ጅቡቲ። በ20ኛው ባለ 200ው 24,700፣ ሲኤፍአር ጅቡቲ። «ከ18,600 ወደ 24,700 ጨመረ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሥራ አስኪያጁን ያስደነግጣል። የማሽኑ ለውጥ ያመጣው ጭማሪ ግን 3,800 ዶላር ነው፤ የቀረው የጭነት ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ መተው ይሻላል።

ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ካሉና ካልተፈታ፣ እርስዎ አይፍቱት። ሁለቱንም ከነኢሜይል ቁጥራቸው ያስቀምጡና ወደ ያልተመለሱ ጥያቄዎች ይውሰዱት። በተረፈ ከእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የኢሜይሉን ቁጥር ይጻፉ። የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ያየዋል። ለእርስዎም መቆጣጠሪያ ነው፤ ቁጥር ያጡለት መስመር ከራስዎ የመጣ ነው ማለት ነው።

ሲያልቅ ይህን ይመስላል

ርዕስ፦ ጄኔሬተር ግዥ፤ እስከ መጋቢት 18 የደረሰበት፣ ከእርስዎ አንድ ውሳኔ ይፈለጋል

ባጭሩ፦ ኤልሲው አልተከፈተም። የያዘው የተስተካከለ ፕሮፎርማ አለመምጣቱ ነው። አሁን ያለው ፕሮፎርማ ቅዳሜ መጋቢት 27 (ኤፕሪል 5) ያበቃል። ከእርስዎ የሚፈለገው የመድረሻ ውሳኔ ነው (ጥያቄ 3)።

መነሻ
በመጀመሪያ የተጠየቀው ባለ 150 ኬቪኤ ነበር፤ ዋጋው 20,900 ዶላር፣ ሲኤፍአር ጅቡቲ (15)። አዲሱ ምድጃ ሲታሰብ ቴክኒክ ክፍሉ ባለ 200 እንዲሆን ጠየቀ (17)። ዋጋው 24,700 ዶላር ሆነ፣ በተመሳሳይ ውል (20)። መጋቢት 2 ባለ 200ው እንዲገዛና ኤልሲ እንዲጀመር ወሰኑ (23)። ባንኩ በፕሮፎርማው ላይ ያለው የድርጅቱ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር ስለማይመሳሰል አልተቀበለውም (24)። አቅራቢው ጥያቄው እንደደረሰው መጋቢት 8 አሳውቋል (25)፤ የተስተካከለው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ያልተመለሱ ጥያቄዎች
1. ኤቲኤሱ በዋጋው ውስጥ ነው? ለአቅራቢው ቀርቦ አልተመለሰም (9)። በባለ 200ው ፕሮፎርማ ላይ አልተዘረዘረም። ካልተካተተ ዋጋው ይለወጣል፤ ፕሮፎርማውም እንደገና ይስተካከላል።
2. ባለ 200ው ተመርቶ ለመጫን ስንት ቀን ይፈጃል? 25 ቀን የተባለው ለባለ 150ው ነው (13)።
3. በመጫኛ ሰነዱ ላይ የመጨረሻ መድረሻው ጅቡቲ ይሁን ወይስ ሞጆ? ትራንዚተሩ መጋቢት 10 ጠይቋል (ለ2)። ውሳኔው የእርስዎ ነው፣ ከፋይናንስ ጋር።
በምልልሱ ያልተነሳ፣ የእኔ ማስታወሻ፦ 200 ኬቪኤ የተባለው ፕራይም ነው ወይስ ስታንድባይ?

ቀጣይ ሥራዎች (ቀኖቹ እኔ ያቀረብኳቸው ናቸው)
ግዥ፦ ጥያቄ 1ን፣ 2ንና የፕራይሙን ነገር ለአቅራቢው በአንድ ኢሜይል፣ በተራ ቁጥር ለይቶ ይጠይቅ፤ በዚያው የተስተካከለውን ፕሮፎርማ ይጠይቅ። ዛሬ ሐሙስ መጋቢት 18።
ሥራ አስኪያጅ፦ የመድረሻውን ውሳኔ ይስጡ። አርብ መጋቢት 19።
ፋይናንስ፦ የተስተካከለውን ፕሮፎርማ ለባንኩ ያስገባ። ሰኞ መጋቢት 22 (ማርች 31)።

ከላይ ያለችውን «ባጭሩ» ልብ ይበሉ። በስልክ የሚያነብ ኃላፊ ብዙ ጊዜ ከእሷ አያልፍም። እዚያ ላይ የያዘው ነገር፣ የሚያበቃበት ቀንና ከእሱ የሚፈለገው ካሉ በቂ ነው።

ኤቲኤሱ ከፕሮፎርማው እርማት ጋር አብሮ እንዲጠየቅ የተደረገውም በምክንያት ነው። መጀመሪያ ስሙ ብቻ ተስተካክሎ ቢመጣና በኋላ ኤቲኤሱ አልተካተተም ቢባል ሦስተኛ ፕሮፎርማ ያስፈልጋል፤ እስከዚያ መጋቢት 27 ያልፋል። ጥያቄዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ማየት ይህን ያሳያል፤ በ31 ኢሜይል ተበትነው ሳሉ ግን አይታይም።

ሰባት፦ ከመላክዎ በፊት

መጀመሪያ ተቀባዮቹን ይዩ። 31ኛው ኢሜይል ላይ አቅራቢው አለ። እዚያ ላይ ሪፕላይ ኦል ካሉ የውስጥ ጉዳይዎን ሁሉ ያየዋል። ከዚያ የባሰው ከታች የሚንጠለጠለው የቆየ ጽሑፍ ነው። በ22ኛው ፋይናንስ ለውስጥ ሰዎች ብቻ «ከ25,000 ዶላር ማለፍ አንችልም» ብሎ ጽፏል። ይህች መስመር አቅራቢው ዘንድ ከደረሰች ለኤቲኤሱ ዋጋ መከራከር አበቃ። ስለዚህ ማጠቃለያውን እንደ አዲስ ኢሜይል ይጻፉት፣ ወይም ለ30ኛው መልስ ይስጡና ከታች ያለውን ሁሉ ያጥፉ። ለአቅራቢው የሚሄደው ሌላ ጽሑፍ ነው፦ ጥያቄዎቹ ብቻ፣ በተራ ቁጥር፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር።

ከዚያ ስማቸው በማጠቃለያው የተነሳውን ሰዎች ያስቡ። «ፋይናንስ አዘገየ» ሳይሆን «ፕሮፎርማው መጋቢት 5 ላይ ለእርማት ተመለሰ፣ አልመጣም» ይባል። የሆነው ከነቀኑ ከተጻፈ በቂ ነው፤ ጥፋተኛ መፈለግ የማጠቃለያ ሥራ አይደለም። የሚቻል ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ለግዥና ለፋይናንስ ያሳዩአቸው። «ይሄማ ትላንት በስልክ ተመልሷል» የሚል ሰው አይጠፋም። በስልክና በቴሌግራም ያለቀ ነገር ኢሜይል ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለ መልስ ካገኙ ከቁጥሩ ይልቅ «በስልክ፣ መጋቢት 17፣ እንደ ግዥ ክፍሉ» ብለው ይጻፉት።

በመጨረሻም ከማጠቃለያው ሥር አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «የተሳሳተ ካለ እስከ ነገ 6 ሰዓት ብታሳውቁኝ አስተካክላለሁ።» እርማት ከመጣ ማጠቃለያውን ራሱን አርመው እንደገና ይላኩ፤ ርዕሱ ላይ «የታረመ» ይበሉ። እርማቱን ብቻ ለብቻው ከላኩት 32ኛውን ኢሜይል ጨመሩ እንጂ አላጠቃለሉም።

ይህ ሁሉ ለአምስትና ስድስት ኢሜይል አያስፈልግም። እዚያ ላይ ጥያቄውን በቀጥታ መመለስ ይበቃል። ሁለት ሰዎች የተጣሉበት ምልልስም በማጠቃለያ አይፈታም፤ ደውሎ ማነጋገር ይቀድማል፤ ከዚያ የተስማሙበት ይጻፋል። ሌሎች ሰዎች ገብተው፣ ዕቃው ወይም ዋጋው መሐል ላይ ተቀይሮ፣ የሚያበቃ ቀን ያለው ምልልስ ካለዎት ግን የጥያቄ መዝገቡን ያውጡና ከ1ኛው ኢሜይል ይጀምሩ።